ሦስተኛው ፊርማ

እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሠፈሩ ሁሉ የሚጠራት «ብርጭቆ» እያለ ነው። እንጨት ሥራ ቤቱ ስትቀጠር መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበርና ስሙ በዚያው ተጣበቀባት። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው በትንሽ ነገር የምትሰበር ይመስለዋል። አብሯት የሠራ ግን የትኛው ብርጭቆ እንደሆነች በደንብ ያውቃል።

አናጢነት የሴት ሥራ አይደለም የሚሉ ብዙ ነበሩ። አግብታ የፈታችውም ባል ከእነሱ አንዱ ነበር፤ እጅሽ ሻከረ እያለ ሲነዘንዛት ከርሞ ለስላሳ እጅ ፍለጋ ሄደ። የሥራ ቤቱ ባለቤት ግን ስለ እጇ ያነሱት ነገር አልነበረም። «ጋሼ» ነበር የምትላቸው፣ ሌላውም ሰው እንደዚያው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ፣ ቁጣቸው ፈጥኖ የሚመጣ ፈጥኖም የሚሄድ ሰው ነበሩ። ማለስለሱን ስትጨርስ ቫርኒሽ አስተማሯት። ቫርኒሹን ስትችል መጋዝ ሰጧት፤ ቀጥሎ መላጊያ፣ ቀጥሎ የመጋጠሚያ ሥራ። ያለ ምስማር የሚያዝ መሳቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራች ዕለት መሳቢያውን ደጋግመው ሳብ መለስ አድርገው፣ «ይኼ አይንጫጫም» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከሳቸው አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ሥራ ቤቱ ረጅም፣ ቆርቆሮ ክዳኑ ዝቅ ያለ፣ በአንድ ወገን ብቻ መስኮት ያለው ክፍል ነው። ከኋላው ጋሼ የሚተኙባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ መኖሪያ ቤታቸውን አከራይተው እዚያው ከእንጨቱ ጋር ማደር ጀመሩ። ልጃቸው፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ በዚህ ስትቆጣ ኖራለች። «አባዬ፣ የእንጨት ብናኝ ነው ሳንባህን የበላው፤ አንተ ደግሞ ውስጡ ትተኛለህ» ትላቸው ነበር። እውነቷን ነው። መጨረሻ ላይ ሳል ጉልበታቸውን ጨርሶት መላጊያ መግፋት አቃታቸው። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጋዙን ድምፅ ብቻ እየሰሙ «ደንዝዟል፣ ሞርጂው» ይሏታል። ሥራውን የምትሠራው፣ ደንበኛ የምታነጋግረው፣ ሳሉ ሲበረታም ጀርባቸውን ደግፋ የምታስቀምጣቸው ብርጭቆ ነበረች።

ልጅየዋና ብርጭቆ አይጣሉም፣ አይዋደዱምም። ልጅየዋ መድኃኒት ይዛ ስትመጣ ብርጭቆ ሥራዋን አቁማ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ አባትና ልጅ ይጫወቱ ብላ። ልጅየዋ ግን ይህን እንደ ኩርፊያ ነበር የምትቆጥረው።

ኑዛዜው የተፈረመው በአንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ጋሼ አንድ ደንበኛቸው ያሳያቸውን ኑዛዜ አይተው በገዛ እጃቸው ጽፈውት ነበር። ሁለት ምስክር እንደሚያስፈልግ ሰምተዋል። ከዚያ ያለፈውን የነገራቸው ሰው የለም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ፀጉር አስተካካዩና መስታወት ቆራጩ፣ ሁለቱም ጎረቤት ናቸው፣ እንዲመጡ ላኩባቸው። ፀጉር አስተካካዩ ከነሽርጡ መጣ። መስታወት ቆራጩ ግን መስኮት ሊገጥም ሄዶ ሱቁ ዝግ ነበር።

ሊጠብቁት ሞከሩ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ሰው ወንበር ላይ ትቶ ስለመጣ በሩን በሩን ያያል። ጋሼ ደግሞ ማሳል ጀመሩ።

«ተይው፣ አንቺ ፈርሚ» አሏት።

«እኔ? መስታወት ቆራጩ ይምጣ እንጂ ጋሼ።»

«እስኪመጣ እኔ እኖራለሁ? ፈርሚ አልኩሽ።»

ወረቀቱን በጣውላ ቁራጭ ሸፍነውት ከታች ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነበር የሚታየው። ምን እንደተጻፈ አላነበበችም፤ አልጠየቀችምም። ሳሉ ስላንቀጠቀጣቸው በግራ እጇ ጀርባቸውን ደግፋ፣ በቀኟ ወረቀቱን ይዛላቸው ፈረሙ። ፀጉር አስተካካዩ ቀጠለ። እሷም ከሱ ሥር ፈረመች። ፀጉር አስተካካዩ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ወደ ግማሹ ጢም ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ መስታወት ቆራጩ ብቅ አለ። ጋሼም «አንተም ጨምርበት፣ ሲበዛ ይጠነክራል» ብለው ወረቀቱን ሰጡት። እሱም ፈረመና ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ጋሼ ክረምቱን አልተሻገሩም።

ከቀብሩ በኋላ ኑዛዜው የተላከለት ጠበቃ ቢሮ የተጠሩት ሦስት ሴቶች ነበሩ፦ ልጅየዋ፣ የጋሼ ታናሽ እህትና ብርጭቆ። እትዬ፣ ማለትም የጋሼ እህት፣ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታች የጎማ ጥገና ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ጠበቃው ቀስ እያለ የሚናገር ወጣት ሰው ነበር። ወረቀቱን አነበበላቸው። አልጋውና የግድግዳ ሰዓቱ ለእህቴ። ሥራ ቤቱ ከነዕቃው ከነቦታው አብራኝ ለሠራችው፣ እዚህ ላይ ትክክለኛ ስሟ ተጽፏል። ለማንም ያልሰጠሁት ቀሪ ንብረቴ ሁሉ ለልጄ።

ብርጭቆ ስሟን ስትሰማ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የተወራ መሰላት። ልጅየዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጠበቃው ግን ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ ከታች ያሉትን ፊርማዎች ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

«እዚህ ላይ የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እንደ ምስክር?»

«ጋሼ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

«እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው» አለ ጠበቃው። «በኑዛዜ ላይ የመሰከረ ሰው ከዚያው ኑዛዜ ስጦታ ሊወስድ አይችልም። ኑዛዜው አይፈርስም። ምስክርነትሽም ዋጋ አለው። የሚወድቀው ላንቺ የተሰጠው ብቻ ነው።»

«የኔስ አልጋና ሰዓት?» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«የእርስዎ እንዳለ ነው እማማ። እርስዎ አልፈረሙም።»

«ድሮም ፊርማ አልወድም» አሉ እትዬ፤ ተረጋግተው ተቀመጡ።

ብርጭቆ የሰማችው ነገር ቀስ እያለ ነው የገባት። «ምን እንደተጻፈ እኮ አላየሁም» አለች። «ሸፍነውት ነበር።»

«አምንሻለሁ። ሕጉ አታለልሽ አላለም። ማን እንዳታለለ እየመረመረ ከሚውል፣ የሚጠቀመው ሰው ጨርሶ ምስክር እንዳይሆን በሩን ለሁሉም ዘግቶታል። አውቀሽ ፈረምሽ ሳታውቂ ለውጥ የለውም። እሳቸው በሕይወት እያሉ አንድ ሰው ቢነግራቸው ኖሮ በሌሎች ምስክሮች ፊት እንደገና ያስፈርሙትና ያበቃ ነበር።»

«ታዲያ ሥራ ቤቱ የማን ይሆናል?» አለች ልጅየዋ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ።

«ስጦታው ሲወድቅ ከቀሪው ንብረት ጋር ይቀላቀላል። ቀሪው ደግሞ ያንቺ ነው።»

ከታች ጎማ ሲነፋ ይሰማል። ጠበቃው ግን ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም ነበር።

«አንድ ነገር አለ» አለ። «ፊርማው ሦስት ነው። ሕጉ የሚፈልገው ሁለት ነው። ፀጉር አስተካካዩና መስታወት ቆራጩ ሁለቱም አባትሽ ሲፈርሙ አብረው ከነበሩ፣ ያለሷም ምስክሩ ይሞላል። ያኔ የሷ ፊርማ እንደ ትርፍ ይቆጠርና ስጦታዋ ይጸናል።»

ልጅየዋ ዞር አለች። «መስታወት ቆራጩ በኋላ ብቻውን መጥቶ የፈረመ ከሆነስ?»

«ፊርማው ለብቻው አይረዳትም። አባትሽ ሁለት ሰዎች ባንድነት እያዩ መፈረም አለባቸው፤ ወይም ፊርማው የኔ ነው ብለው ለሁለቱ ባንድነት ማሳየት። ፀጉር አስተካካዩ በሌለበት የተደረገ ከሆነ ምስክሮቹ እሱና እሷ ብቻ ናቸው፤ እሷ የግድ ታስፈልጋለች ማለት ነው።»

ልጅየዋ ብርጭቆን ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ነበር?»

ብርጭቆ ያንን ጠዋት እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ዝናቡን፣ የሽርጡን ጠረን፣ ጋሼ ሲያስሉ ጀርባቸው ውስጥ የሚሰማውን መንቀጥቀጥ። አፏን ከፈተች።

«ላስታውስ» አለች።

ልጅየዋ ቦርሳዋን አንስታ፣ እትዬን ደግፋ ደረጃውን ወረደች። ጠበቃው ዳኛ ፊት ቀርበው ሁሉም የሚያውቁትን በመሐላ እንደሚናገሩ ነግሮ ብርጭቆን ሸኛት፤ በሩ ላይም «አስታውሺ፣ ግን የሆነውን ብቻ አስታውሺ» አላት።

መስታወት ቆራጩ ነገሩን እሷ ሳትነግረው ከሰው ሰምቶ ነበር። ሱቁ ስትገባ አንድ ትልቅ መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ መቁረጫውን በማስመሪያው ይዞ ወደ ታች ይስባል። መስመሩን እስኪጨርስ አልተናገረም። ጨርሶ ቀጭን ድምፅ እያሰማ ሰበረውና ጓንቱን አወለቀ።

«እኔ ነበርኩ» አለ።

«አልነበርክም።»

«እኔ ነበርኩ አልኩሽ። ጋሼ ሲፈርሙ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ማን ነው አልነበርክም የሚለኝ? የሞቱት ሰውዬ ይነሱ?»

«ፀጉር አስተካካዩስ?»

«እሱን ለኔ ተይው። ስሚኝ፣ የምዋሸው ለማን ነው? የሳቸው ፈቃድ ምን እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ራሳቸው ጽፈውታል። ቤቱን ላንቺ ነው ያሉት። ልጅቷ ነገ ለመጋዘን ትሸጠዋለች፤ ገዢው መጥቶ አጥሩን ሲለካ በዓይኔ አይቻለሁ። የሳቸውን ቃል ካልጠበቅንላቸው ጎረቤትነታችን ምኑ ላይ ነው?»

የሚለው ሁሉ ልቧ ውስጥ ገባ። ክፋቱ እሱ ነበር። ውሸት የሚመስል ነገር አልነበረውም። የጋሼ ቃል፣ የጋሼ ፊደል፣ የሷ ጉልበት፤ ሁሉም እውነት። የጎደለች አንዲት ትንሽ ነገር ናት፣ እሷን ደግሞ እሱ ሊሞላ ፈቅዷል። «እሺ» አላለችም። «አይሆንም» ብላም አልወጣችም። ዝም ብላ ወጣች፤ እሱም ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደው።

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ስትሄድ ሰውየው ማበጠሪያዎቹን እያጠበ ነበር። ሲያያት ፊቱ ጠቆረ።

«አነጋግሮኛል» አለ። «ዳኛው ሲጠይቅ አዎ በል ነው የሚለው።»

«ምን አልከው?»

«ምን ልበለው? ሦስት ልጆች አሉኝ። የሐሰት ምስክርነት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ግን አንቺንስ በየትኛው ዓይኔ ነው የማይሽ?» ማበጠሪያውን ውሃው ውስጥ ጣለው። «ያን ቀን ዝናብ ነበር። ብዙ ነገር አላስታውስም እላለሁ። እንዲህ ብል አይሻልም?»

ብርጭቆ ወደ ሥራ ቤቷ ተመልሳ የጀመረችውን ቁም ሣጥን ልትጨርስ ሞከረች። መላጊያውን እየገፋች ዞር ባለች ቁጥር ዓይኗ የምታውቀው ነገር ላይ ያርፋል፦ ሙጫው የደረቀበት ጣሳ፣ በአመታት ብዛት ጠርዙ የተበላው ጠረጴዛ፣ ጋሼ የሚቀመጡበት ወንበር። ይህን ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነው ከእጇ የሚያወጣው ወይ እጇ የሚያገባው። ሌላ ቦታ የት ትሄዳለች? የማን ሥራ ቤት ነው ሴት አናጢ የሚቀጥረው? ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት ልትጎትት? ሥራው እጇ ላይ አልያዝ አለ። መላጊያውን አስቀምጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ በፊት ተቀምጣበት አታውቅም ነበር።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ትንሽ ክፍል ሆኖ አገኘችው። የፍርድ ቤት ነገር በትልቅ አዳራሽ የሚሆን ይመስላት ነበር። ዳኛዋ ፊት ጠረጴዛ፣ ጎን ላይ የምትጽፍ ሴት፣ ከዚያ ሦስት ረድፍ አግዳሚ። አግዳሚው ሲቀመጡበት ይንገዳገዳል፤ ብርጭቆ ሳታስበው እግሩን በእጇ ዳበሰች። ልጅየዋ ፊት ለፊት ነበረች። መስታወት ቆራጩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ፀጉር አስተካካዩ ግን ፀጉሩን ማበጠር ረስቶ መጥቷል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅበት ነበር።

ዳኛዋ ነገሩን አሳጠረችው። ኑዛዜው የሟቹ መሆኑን ማንም አልካደም። የቀረው ጥያቄ ፊርማው ሲፈረም ማን ነበር የሚለው ብቻ ነው። «ከሴቲቱ እንጀምር» አለች።

ብርጭቆ ተነሥታ እውነቱን ብቻ ለመናገር ማለች። እጆቿን የምታደርግበት አጣች።

«ሟቹ ሲፈርሙ የት ነበርሽ?»

«አጠገባቸው።»

«ምን ታደርጊ ነበር?»

«ደግፌያቸው ነበር። ሳሉ ጠንቶባቸው ስለነበር በዚህ እጄ ጀርባቸውን፣ በዚህ ወረቀቱን።»

«ፀጉር አስተካካዩስ?»

«ፊት ለፊታችን ቆሞ።»

ዳኛዋ የምትጽፈው ሴት እስክትጨርስ ጠበቀች። «መስታወት ቆራጩስ? የት ነበር የቆመው?»

ብርጭቆ ከኋላዋ አግዳሚው ሲንገዳገድ ሰማች። ማን እንደተንቀሳቀሰ ለማየት አልዞረችም። የምትለውን ታውቅ ነበር፤ መስታወት ቆራጩ መንገድ ላይ ሲመጡ አስጠንቷታል። በሩ አጠገብ፣ በስተግራ። ሦስት ቃል ነው። ያንን ክፍል በሐሳቧ ከፍታ መስታወት ቆራጩን በሩ አጠገብ ልታቆመው ሞከረች። አልቆምም አላት። በሩ ላይ ዝናብ ብቻ ነው ያለው። የጋሼ ጀርባ እጇ ሥር አለ፤ ቀጭን፣ ሙቅ፣ ሲተነፍሱ የሚንቀጠቀጥ። ሸሚዛቸው ውስጥ አጥንታቸውን ትቆጥረው ነበር። ያንን ጠዋት ከሳቸው ጋር የነበረችው እሷ ናት። እዚያ ሌላ ሰው ብታስገባ የራሷን እጅ ከጀርባቸው ላይ የምታነሣው መሰላት።

«አልነበረም» አለች።

መስታወት ቆራጩ ከኋላ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሱቁ ዝግ ነበር» ብላ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ይበልጥ እየጠራ መጣ። «ጠዋት የነበርነው ፀጉር አስተካካዩና እኔ ነን። እሱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሼ ሲበዛ ይጠነክራል ብለው አስፈረሙት። ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ አልነበረም።»

«ይህን ማለትሽ ምን እንደሚያስቀርብሽ ታውቂያለሽ?»

«ጠበቃው ነግሮኛል።»

ዳኛዋ አንዴ አየቻትና እንድትቀመጥ ነገረቻት። ፀጉር አስተካካዩ ተጠራ። የተጠየቀውን ሁሉ ሳይንተባተብ መለሰ፤ ያስታወሰው ነገር ብዛት ራሱንም ሳያስገርመው አልቀረም፣ ግማሽ ጢሙን የተላጨው ሰውዬ እንኳ አልቀረም። መስታወት ቆራጩ ሲነሣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ብርጭቆ ይዋሻል ብላ ፈራች። ሰውየው እልኸኛ ነው።

«እሷ እንዳለችው ነው» አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ።

ውሳኔው ብዙ አልቆየም። ኑዛዜው በሁለት ምስክሮች ፊት በአግባቡ የተፈረመ ስለሆነ ይጸናል፤ ከሁለቱ አንዷ ግን ስጦታ የተጻፈላት ስለሆነች ለሷ የተሰጠው ዋጋ የለውም፣ ከቀሪው ንብረት ጋር ለልጅየዋ ይሆናል። የእትዬ አልጋና ሰዓት ለእትዬ። የብርጭቆ ቃል ኑዛዜውን ለሌላው ሁሉ አቁሞ ለራሷ ብቻ ጣለባት።

ከችሎቱ ሲወጡ መስታወት ቆራጩ ሳያያት አለፈ። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ሰላምታ እንኳ አልሰጣትም፤ አዋረደችኝ ብሎ ይሁን አዳነችኝ ብሎ አፍሮ፣ አልነገራትም። ልጅየዋ በረንዳው ላይ ደረሰችባት።

«ምን እንደተጻፈ እውነትም አላወቅሽም ነበር?»

«አላወቅኩም።»

«እኔ እኮ…» አለችና አቆመች። «አንቺ ያስጻፍሽው ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ ጠበቃው ቢሮ ላስታውስ ስትይ፣ አሁን ደግሞ ልትዋሽ ነው አልኩ።»

«ልዋሽ ነበር» አለች ብርጭቆ።

ልጅየዋ ቦርሳዋን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች። ብርጭቆም ደረጃውን ወርዳ ሄደች።

የመጣላትን ሥራ መጨረስ ስለነበረባት ሥራ ቤቱን ወዲያው አልለቀቀችም። ቁም ሣጥኑን ቫርኒሽ እየቀባች የገዢውን መምጣት ትጠብቃለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብሩሹን አስቀምጣ ወደ በሩ ታያለች። አንድ ቀን የመጣችው ግን ልጅየዋ ነበረች፣ የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋውን እንደለበሰች። ቫርኒሹ እንዳይነካት ጋውኗን ሰብስባ፣ መቀመጫ ፈልጋ አጣችና የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አልሰጥሽም» አለች ያለ መግቢያ። «ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ሰዉ ሁሉ ስጪያት ይለኛል። ለሰው ልሰጥ እንደምችል ጠበቃውም ነግሮኛል። ግን አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ነበር፣ እኔ ጋ አልነበረም። የተረፈኝን ደግሞ አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።»

ብርጭቆ ብሩሹን ጣሳው ላይ አሳረፈች። «እኔ መች ጠየቅኩሽ?»

«አልጠየቅሽም። እሱ ነው የሚያናድደኝ።» ልጅየዋ ወለሉ ላይ ያለውን የእንጨት ፍቅፋቂ በጫማዋ ገፋ ገፋ አደረገች። «ለመጋዘንም አልሸጥኩትም። ሰውየው ያን ጠረጴዛ ለማገዶ ይሆናል አለኝ። አባረርኩት።»

ብርጭቆ ጨርቅ አንስታ የጠረጴዛውን የተበላ ጠርዝ ጠረገች።

«ትከራዪኛለሽ?» አለች ልጅየዋ። «በወረቀት፣ በረጅም ውል። ዕቃዎቹን ውሰጃቸው፤ መጋዝ ምን ያደርግልኛል?»

«ኪራይሽ ግን እንደ መድኃኒትሽ ከተወደደ አልችልም።»

ልጅየዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ገባት። ሁለቱ ከተዋወቁ አብረው ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ነበር፤ አጭር ነበር፣ ሁለቱም ቶሎ አፈሩ።

ዕቃዎቹን በእጇ ስታደርግ ብርጭቆ በደስታ አልዘለለችም። ስትመኘው የነበረው የኔ ብላ በሯን መዝጋት ነበር፤ ያ አልሆነላትም። በየወሩ የራሷ ሊሆን ለነበረ ቤት ኪራይ ስትከፍል አንዳንዴ ቅር ይላት ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ አምርራ ትናደድ ነበር፣ በጋሼም ጭምር። ይህን ለማንም አልደበቀችም። «ሰውዬው ለመሳቢያ ሲሆን ሦስቴ ይለኩ ነበር፣ ለኑዛዜያቸው ግን አንዴም ሰው አልጠየቁ» ትላለች። በችሎቱ ስላለችው ቃል ግን ስትጸጸት የሰማት ሰው የለም።

በሚቀጥለው ክረምት ቆርቆሮው ከምስማሩ ላልቶ ማፍሰስ ጀመረ፤ ውሃው ቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ብርጭቆ ክዳን ማደስ የቤቱ ባለቤት ፋንታ ነው አለች፤ ልጅየዋ ውሉን አውጥታ ጥቃቅን ጥገና የተከራይ ነው አለች። ይህ ጥቃቅን ነው አይደለም ብለው ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲጨቃጨቁ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ጣለ። መስታወት ቆራጩ ሳይቀር ከሱቁ ብቅ አለና ሁለቱን አያቸው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ የራሱን መሰላል ይዞ መጣና ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያለ አንድ ቃል ተመለሰ።

ብርጭቆ መዶሻዋን ይዛ ወጣች። ልጅየዋ ጋውኗን አውልቃ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች፣ እየተነጫነጨች።

«በደንብ ያዢው» አለች ብርጭቆ ከላይ።

«ይዣለሁ። ምስማሩን ማን ነው የገዛው?»

«አንቺ ነሽ፤ ከኪራዩ እቀንሰዋለሁ» አለችና መምታት ጀመረች።